78 ተማሪ፣ የማይነቃነቅ ዴስክ፣ 40 ደቂቃ። እንዴት አድርጌ ላናግራቸው?

ጠመኔ በእጄ
ሰላም ለሁላችሁ። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 78 ልጆች አሉ። ዴስኮቹ ከመቀመጫቸው ጋር የተበየዱ ናቸው፤ በአንዱ ላይ 3 ልጅ ይቀመጣል። በሦስት ሰልፍ ተደርድረዋል። ሁለቱ ሰልፎች 9 ዴስክ አላቸው፣ በበሩ በኩል ያለው 8 ነው። ሁለት መተላለፊያ አለ፤ አንድ ሰው በጎኑ ዞሮ ነው የሚያልፍበት። ግራና ቀኝ ያሉት ሰልፎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል።

ባለፈው ሳምንት የንግግር ትምህርት ነበረኝ። «ስድስት ስድስት ሆናችሁ ቡድን ሥሩ» አልኩ። ሰዓት ይዤ ነበር። ሁሉም ቦታ ቦታውን እስኪይዝ 9 ደቂቃ ሄደ። ዴስኮቹ ከባድ ናቸው ብዬ ማንም አይነካቸውም ብዬ ነበር፤ አራት ልጆች ሆነው አንዱን ጎተቱት። ድምፁን መገመት ትችላላችሁ። በአጠገቤ ያለው ክፍል የሚያስተምረው ባልደረባዬ በሩን ከፍቶ «ደህና ናችሁ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቡድኑ አንድ ልጅ ያወራል፣ ሁለት ይሰማሉ፣ የቀሩት በራሳቸው ቋንቋ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። ደወል ተደወለ። ስንት ልጅ እንግሊዝኛ ተናገረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከ15 አይበልጥም።

ተስፋ ልቁረጥ ወይስ መንገድ አለው?

አራት ማዕዘን
እኔ ባለኝ ልምድ ትልቅ ክፍል ውስጥ ዋናው ነገር ማራራቅ ነው። መሀል ላይ ያለውን ልጅ ወደ ሌላ ዴስክ ውሰደው፣ ቦርሳዎች ሁሉ ወደ ፊት ይምጡ፣ ወረቀቱንም በሁለት ዓይነት ቅደም ተከተል አዘጋጀው። እንዲህ ካደረግክ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም።

ጠመኔ በእጄ
😀 እኔ እኮ እንዲነጋገሩ ነው የምፈልገው!

አራት ማዕዘን
ኧረ! ይቅርታ። «3 ልጅ ይቀመጣል» የሚለውን ሳይ የፈተና መሰለኝ። ቀጥሉ።

ስድስት በአንድ
ወንድሜ፣ ችግሩ ቡድኑ በየቀኑ አዲስ መሆኑ ነው። ቋሚ አድርገው። እኔ ስምንት ስምንት አድርጌ ከፋፍዬ በየቡድኑ ጎበዝ ልጅ መሪ አድርጌ ሾሜያለሁ። አንዴ ተምረውታል፣ አሁን «ቡድን!» ስል ወዲያው ይሰበሰባሉ። መሪው ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፣ በመጨረሻ መሪው ያቀርባል። 9 ደቂቃ የሚባል ነገር የለም።

ጠመኔ በእጄ
እህትህ ነኝ 😀። ቋሚ መሆኑን እቀበላለሁ። ግን ያንተ ቡድን ውስጥ ከመሪው ሌላ ማን ያወራል?

ስድስት በአንድ
ይቅርታ እህቴ። ሁሉም ያወራል። ያው... መሪው ትንሽ ይበዛል።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
ከ30 ዓመት በላይ ትልልቅ ክፍል ውስጥ ቋንቋ አስተምሬያለሁ፤ ይህን ክር አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ትንሽ ይረዝማል።

ስድስት በአንድ ግማሹን አግኝቶታል። ቡድን ቋሚ ሲሆን ጊዜ ይተርፋል፤ እውነት ነው። ስህተቱ ቡድኑን የመናገሪያ ክፍል ማድረጉ ነው። አስሉት። ስምንት ልጆች 10 ደቂቃ ተሰጥቷቸው አንድ በአንድ ቢናገሩ፣ ማንም ባይበዛ፣ ለአንዱ 75 ሰከንድ ይደርሰዋል። መሪው «ትንሽ ይበዛል» ከተባለ ደግሞ ለዓይን አፋሯ ልጅ ምን እንደሚተርፋት እናውቃለን። ቡድን ለእኛ ለመምህራን ነው የሚጠቅመን፤ ወረቀት ለማደል፣ ለመቁጠር፣ ለመቆጣጠር። አፍ የሚከፈተው ሁለት ለሁለት ሲሆኑ ነው። ሁለት ከሆኑ አንዱ ዝም ሲል ወዲያው ያስታውቃል፤ ጓደኛው ፊቱን እያየው ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ዴስክ አይነካ። የሚዞሩት ልጆቹ ናቸው። ያንቺን ክፍል በወረቀት ስዬዋለሁ።

ከፊት 1 ብለሽ ቁጠሪ። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እና 7ኛ ዴስክ ላይ ያሉት ይነሱና ባሉበት ወደ ኋላ ይዞራሉ። 1ኛው ከ2ኛው ጋር ይጋጠማል፣ 3ኛው ከ4ኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ 8ኛው። በየሰልፉ 4 ቡድን፣ በሦስቱ ሰልፍ 12 ቡድን፣ በእያንዳንዱ 6 ልጅ። 72 ሆኑ። በሁለቱ ረጅም ሰልፎች መጨረሻ ያሉት 9ኛ ዴስኮች ላይ 6 ልጆች ይቀራሉ፤ እነሱ ሦስት ሦስት ሆነው ባሉበት ይሠራሉ። 78 ሞላ።

አሁን በየቡድኑ ሦስት የቆሙ፣ ሦስት የተቀመጡ ልጆች ፊት ለፊት ይተያያሉ። ትይዩው ያለው ጓደኛው ነው። 39 ጥንድ ለመሆን ምንም አልቀረሽም። ከልጆቹ አንዱም ከዴስኩ አልወጣም።

ከዚያ የሚናገሩትን ሦስት ጊዜ እንዲናገሩት አድርጊ፣ በየጊዜው ለአዲስ ጓደኛ፣ በየጊዜው ባጠረ ሰዓት። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። 4/3/2 ይሉታል፤ ኪት ሞሪስ የሚባል መምህር በ1983 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው። ቁጥሮቹ ደቂቃ ናቸው። ለጀማሪ 4 ደቂቃ ማውራት ግን ስቃይ ነው። ያንቺዎቹን በ60 ሰከንድ ጀምሪ፣ ሁለተኛውን 45፣ ሦስተኛውን 30 አድርጊ። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ የቆመው ይናገራል፣ ከዚያ የተቀመጠው። ዙሩ ሲያልቅ የቆሙት ብቻ አንድ ቦታ ወደ ጎን ይቀያየራሉ፤ በሦስት ዙር ሦስቱንም ያዳርሳሉ።

ሒሳቡን ተመልከቺው። 40 ደቂቃውን በሙሉ አንድ በአንድ ብታስነሺያቸው ለአንድ ልጅ 30 ሰከንድ ነው የሚደርሰው። በዚህኛው ግን በ4 ደቂቃ ተኩል ብቻ እያንዳንዱ ልጅ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይናገራል። መቀያየሪያውን ብትጨምሪበትም 6 ወይም 7 ደቂቃ ነው።

ጠመኔ በእጄ
ስዕሉን እኔም ሳልኩት፤ ቁጥሩ ልክ ነው! ግን ለምን ይቆማሉ? መቀመጫው ላይ ዞረው ቢቀመጡስ?

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
መቀመጫው መደገፊያ ከሌለው ዞሮ መቀመጥ ይቻላል። ግን እግርን አንስቶ በመቀመጫው ላይ ማሻገር ይጠይቃል። ቀሚስ ለለበሰች ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። በእኔ ክፍል አንዲት ልጅ በንግግር ቀን ብቻ ትቀር ነበር። ስታመም ነው ትለኝ ነበር። ጓደኛዋ ናት ምክንያቱን የነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ማንንም ዞሮ አስቀምጬ አላውቅም። ለ6 ደቂቃ መቆም ማንንም አይጎዳም፤ እንደውም የቆመ ልጅ ድምፁ ይወጣል። መቆም የሚቸግረው ልጅ ካለ ሁልጊዜ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ ወይም 8ኛ ዴስክ ላይ አስቀምጪው፤ ማንም ምክንያቱን አያውቅም።

ዝምታ ወርቅ
እኔ በተቃራኒው በኩል ያለሁ ሰው ነኝ። በግድግዳ የምዋሰነው የቋንቋ መምህር ሳምንት በገባ ቁጥር «የንግግር ልምምድ» ያደርጋል። ሒሳብ ነው የማስተምረው። 39 ሰው አንድ ላይ ሲያወራ እኔ ቦርዱ ላይ የምጽፈውን ራሴ አልሰማውም። (ጽሑፍ አይሰማም እንዳትሉኝ፤ ገብቷችኋል።) ስለ ጎረቤትም አስቡ።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
ወዳጄ ቅሬታህ እውነት ነው፤ የቋንቋ መምህራን የምንዘለው ነገር ነው። ጫጫታ የሚንረው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም። አንዱ ጥንድ ለመሰማማት ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጎኑ ያለው ከሱ በላይ ይሄዳል፣ እንዲህ እያለ ጣራው ይነሳል። ስለዚህ ጅምሩ ላይ ነው መያዝ ያለበት። ሦስት ነገር ሠርቶልኛል።

አንደኛ፣ ጥንዶቹን ማቀራረብ። የተቀመጠው ክርኑን ዴስኩ ላይ ያደርጋል፣ የቆመው ጎንበስ ይላል። በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ ከሌለ መጮህ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማስጀመር። የግራው ሰልፍ ይጀምራል፣ ከ5 ሰከንድ በኋላ የመሀሉ፣ ከዚያ የቀኙ። አንድ ላይ «ጀምሩ» ስትል እንደ ስታዲየም ነው የሚፈነዳው፤ በየተራ ሲጀምሩ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ይገባሉ። ለምን እንደሆነ ማብራራት አልችልም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው ማስቆሚያው ነው። ማጨብጨብና መጮህ ይቅር፤ ጫጫታው ላይ ጫጫታ መጨመር ነው። እጄን አነሳለሁ። ያየኝ ልጅ አፉን ዘግቶ እጁን ያነሳል። ጀርባቸውን ለእኔ የሰጡት የቆሙት ልጆች አያዩኝም፤ የተቀመጡት ግን ፊታቸው ወደ እኔ ስለሆነ እነሱ ሲያነሱ የቆሙት ያውቃሉ። መጀመሪያ ቀን 20 ሰከንድ ይፈጃል። ሳይለምዱት ወደ ሥራው አትግቡ። ከሥራው በፊት ሦስት አራት ጊዜ በባዶው ማለማመድ ያዋጣል።

ያም ሆኖ ዝም ያለ የንግግር ክፍል የለም። ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን መምረጥ ይሻላል። ጎረቤት ፈተና እየሰጠ ከሆነ ያን ቀን ንባብ ይሁን።

ዝምታ ወርቅ
ቀድሞ ቢነገረኝ እኔም በዚያ ሰዓት መልመጃ ሰጥቼ እዞር ነበር። ማን ነግሮኝ!

መሀለኛው
መምህር አይደለሁም። ስማር ከሦስት መሀል የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ለመምህራን አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ከጎንህ ካለው ጋር ተነጋገር» ስትሉ ግራው ያለው ወደ መተላለፊያው ዞሮ ከማዶ ካለው ጋር ያወራል፣ ቀኙ ያለው ወደ ኋላ ይዞራል። መሀለኛው ማንንም የለውም። ወይም ሁለቱም ወደ እሱ ይዞሩና አፉን ሳይከፍት ሁለት ሰው ይሰማል። አንድ ዓመት ሙሉ ያለ ጓደኛ ነው የተለማመድኩት፤ መምህራችን ከፊት ሆና ስታይ ግን ክፍሉ እየተናገረ ነው። ይህ ፊት ለፊት የሚባለው ነገር መሀለኛውንም ቆጥሮታል። ደስ ብሎኛል።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
እንዳልከው ነው። በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ትልቁ በሽታ ይኸው ነው።

ምሽት ክፍል
እኔ ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ነው የማስተምረው። 11 ሰው ነው ያለኝ። ወንበሮቹን ክብ አድርጌ ኳስ እንወራወራለን፤ ኳሱ የደረሰው ይናገራል። በጣም ይዝናናሉ። ብትሞክሪው?

ስድስት በአንድ
11 ሰው ካለኝ እኔም ኳስ እወረውር ነበር 😀። በ78 ልጅ ላይ አንዱ ሁለት ጊዜ ኳሱን እስኪያገኝ ዓመቱ ያልቃል።

ጠቋሚ፣ ሒሳቡ ገብቶኛል፤ 75 ሰከንዱ አሳፍሮኛል። መሪዎቼን ግን አልበትንም። ወረቀት የሚያድሉት እነሱ ናቸው፤ በእህቴ ክፍልም በ12 መሪ 78 ወረቀት በግማሽ ደቂቃ ይደርሳል።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
አትበትናቸው። አፉን ብቻ ለሌሎቹ ይተውላቸው።

ጠመኔ በእጄ
ሞክሬው መጣሁ! እንደነበረ ልንገራችሁ።

ርዕሱ ቀላል ነው፤ «ትናንት ከትምህርት በኋላ ምን አደረግሽ/ክ?» ቦርዱ ላይ መያዣ የሚሆኑ አራት ቃላት ጻፍኩ፤ ፈርስት፣ ዜን፣ አፍተር ዛት፣ ፋይናሊ። ለማሰብ 1 ደቂቃ በዝምታ ሰጠሁ። መጻፍ ከለከልኩ፤ ከጻፉ ያነቡታል እንጂ አይናገሩም። ለጎረቤቴም ቀድሜ ነግሬዋለሁ።

መዞሩ 15 ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀው። 9 ደቂቃ ከፈጀው ጋር ሳወዳድረው ሳቄ መጣ። አንደኛው ዙር አሪፍ ሄደ። መተላለፊያው ላይ ቆሜ አፍ አፋቸውን አየሁ፤ ከሁሉም ጥንድ አንዱ አፍ ይንቀሳቀሳል። በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ «የቆማችሁ፣ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ» አልኩ። ጉድ ፈላ! የመሀሉ ሰልፍ ግራና ቀኙ መተላለፊያ ስለሆነ ቶሎ ተቀያየረ፤ ጫፍ ላይ ያለው ወጥቶ በኋላ በኩል ዞሮ በሌላው ጫፍ ገባ። ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሰልፎች ግን ግድግዳው ጥግ ያለው ልጅ በምን ይውጣ? «ቲቸር፣ ግድግዳውን ልግባበት?» አለኝ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሦስቱም ወጥተው እንዲገቡ ሳደርግ 12 ልጅ በአንዱ መተላለፊያ ላይ ተጨናነቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ሳይሆን ሰዓቱ አለቀ።

ጠቋሚ፣ ስዕልህ ላይ ግድግዳ አልነበረም!

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
አመንኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የእኔ ክፍሎች ግድግዳና ዴስክ መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበራቸው። አንቺ «ተለጥፈዋል» ብለሽ ጽፈሽ ሳለ አላነበብኩትም።

እንግዲህ ለግድግዳዎቹ ሰልፎች ሕጉን እንዲህ ቀይሪው። ግድግዳ ጥግ የነበረው መተላለፊያው ጫፍ ላይ ይመጣል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ግድግዳ አንድ አንድ ይጠጋሉ። ሁለት ጊዜ ይህን ካደረጉ ሦስቱንም ያገኛሉ። ጥያቄው ጥግ ያለው እንዴት ሁለቱን ያልፋል ነው። ሁለቱ ወጥተው ካሳለፉት መጨናነቁ ይቀንሳል፣ ግን አይጠፋም።

መሀለኛው
ልጆቹን ጠይቂያቸው። እኛ ጥግ ስንሆን የምንወጣበት መንገድ ነበረን፤ መምህር ፊት ግን አናደርገውም 😀

ጠመኔ በእጄ
ጠየቅኳቸው። መሀለኛው እውነቱን ነው! ጥግ ያለው ልጅ መቀመጫው ላይ ይወጣና ሦስት እርምጃ ሄዶ ጫፍ ላይ ይወርዳል። ሁለቱ ደግሞ በዚያው ይጠጋሉ። መተላለፊያ ላይ ማንም አይወጣም። ሰዓት ያዝኩ፤ 8 ሰከንድ። እኔ ለሁለት ቀን ሳስብ የነበረውን በአንድ ደቂቃ አሳዩኝ።

ችግሩ መቀመጫው በጫማ መረገጡ ነው። ጨርቅ አስመጣሁ፤ በመጨረሻ ይጠረጋል። ቀሚስ ያለውን ነገር ስላነበብኩ ግድግዳ ጥግ የምትሆነው ልጅ ካልፈለገች ሁለቱ ወጥተው ያሳልፏታል። ሦስት ቡድን ብቻ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ስለዚህ አልተጨናነቀም።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
ከ30 ዓመት በኋላ አዲስ ነገር ተማርኩ። 9ኛ ዴስክ ላይ ያሉትስ እንዴት ሆኑ?

ጠመኔ በእጄ
እነሱን መጀመሪያ ቀን ረሳኋቸው፤ ዝም ብለው ሌላውን ሲያዩ ነበር። አሁን በየዙሩ ሁለቱ ይነጋገራሉ፣ ሦስተኛው ሰዓት ይይዛል። በሦስት ዙር እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይናገራል። ከሌላው በአንድ ዙር ያንሳሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ሌሎች ልጆች ናቸው እዚያ የሚቀመጡት።

አሁን ሌላ ጥያቄ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ከፍ ይላል፣ ሳቅ ይበዛል። ቀረብ ብዬ ሳዳምጥ በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚያወሩት። ምን ላድርግ?

ስድስት በአንድ
ቅጣት። እኔ መሪው በራሱ ቋንቋ የተናገረውን ስም ይጽፋል።

መሀለኛው
ስሜ ሲጻፍ እንግሊዝኛ አልተናገርኩም፤ ዝም አልኩ። ዝም ያለ ስሙ አይጻፍማ።

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
መሀለኛው መልሶልሃል። በእኔ እይታ በራሳቸው ቋንቋ የሚያወሩት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ልጅ ሥራ ስለሌለው ነው። እሱ የተነገረውን ታሪክ ሰምቶ ምን ያደርግበታል? ምንም። ስለዚህ ወደ ጨዋታ ይሄዳል።

ሥራ ስጪው። ያንቺ ክፍል ለዚህ የተሠራ ነው። የቆሙት ጀርባቸው ለቦርዱ ነው፣ የተቀመጡት ፊታቸው ለቦርዱ ነው። ቦርዱ ላይ አንድ ስዕል ሳዪ፤ ቤት፣ ዛፍ፣ ከዛፉ በስተግራ ውሻ፣ መስኮቱ ላይ ድመት። የተቀመጠው ያያል፣ የቆመው አያይም። የተቀመጠው በቃል ይነግረዋል፣ የቆመው ደብተሩን ዴስኩ ላይ አድርጎ ይስላል። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም፣ አንድ ወረቀት አይባክንም። የቆመው «ውሻው የት ጋ?» ብሎ ካልጠየቀ ስዕሉ አይወጣለትም፤ ስለዚህ መጠየቅ ግዴታው ነው። መጨረሻ ላይ ዞሮ ከቦርዱ ጋር ያስተያያል። አንቺ ሳትዞሪ 36 ስዕል በአንድ ጊዜ ራሱን አረመ ማለት ነው። ለ9ኛ ዴስኮቹ መሀለኛው ልጅ ይዙርና ሁለቱ ይንገሩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ዘወር ብሎ የሚሰርቅ አይጠፋም። እሱን ለመያዝ አትድከሚ። ስዕሉ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ካለ ይሰርቃል፤ ስምንት ነገር ካለ በአንድ እይታ አይሸከመውም፣ ይጠይቃል።

ጠመኔ በእጄ
ውሻውን ነገ እስላለሁ። የኔ ውሻ ፍየል ነው የሚመስለው፤ ምናልባት ያም ንግግር ይፈጥራል 😀

ዝምታ ወርቅ
ለጎረቤትሽ ንገሪው እንጂ።

ጠመኔ በእጄ
ነግሬዋለሁ! እንደውም ሰዓቱን ራሱ ነው የመረጠልኝ።

ስድስት በአንድ
እኔም የቆመ የተቀመጠ ሞከርኩ። ሠራ። ግን አንድ ነገር አሳስቦኛል። ቢሮ ደግሞ የንግግር ነጥብ አምጡ ይለናል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲያወራ የማንን ሰምቼ ነው የምሰጠው?

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
የሁሉንም በአንድ ቀን ልስማ ብትል አብደህ ታርፋለህ። በአንድ ትምህርት አንድ ቡድን ምረጥ፣ ስድስት ልጅ። ሥራው ሲጀመር እነሱ አጠገብ ቁም። ወደ ሌላ የምታይ ምሰል እንጂ ጆሮህ እነሱ ጋ ይሁን። በእህታችን ክፍል 78 ለ6 ሲካፈል 13 ትምህርት ነው። በሳምንት ሁለት የንግግር ቀን ካለ በሰባተኛው ሳምንት ሁሉንም ሰምተሃል።

ጠመኔ በእጄ
እኔ በዚህ ላይ አልስማማም። የመጀመሪያው ቡድን በመጀመሪያው ሳምንት ተሰምቶ የመጨረሻው ከስድስት ሳምንት ልምምድ በኋላ ይሰማል። ፍትሐዊ ነው?

ጡረታ የወጣ ጠቋሚ
አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ አዞርኳቸውና የሁለተኛውን ብቻ እመዘግብ ነበር፤ በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። ያም ቢሆን ፍጹም አይደለም። ዓመቱም ሁሌ አይበቃም።

ስድስት በአንድ
ተማሪ ለተማሪ ቢሰጥስ? የሚሰማው ለሚናገረው?

መሀለኛው
ለጓደኛዬ 10 ከ10፣ ለማልወደው 4። እንዲያ ነበር የምናደርገው።

ጠመኔ በእጄ
ይህ ሳይፈታ ይቆይ እንግዲህ። የዛሬውን ብቻ ልጻፍና ልተኛ። ፍየል የመሰለውን ውሻ ሳልኩ። 3ኛ ዴስክ ላይ ቆሞ የሚስል ልጅ፣ ከመስከረም ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ፣ ለጓደኛው በእንግሊዝኛ «ቀንድ አለው?» አለው። የተቀመጠው ቦርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ቲቸር ኖውስ» አለው። ወደ እኔ ዞሩና ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ስዕሉ ላይ ቀንድ አለ።